ኮለሙን መደበቅ ቁጥሩን መሸፈን አይደለም

«180 አባላት ያሉት የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ቢሯችን ሜክሲኮ ነው። የትርፍ ድርሻ ከመከፈሉ በፊት አባላት አካውንታቸውን እንዲያዩ ዝርዝሩን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ልለቅ ነው። ከመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች በቀር ሌላውን እንዴት ልሸፍን?»

መልሱ አጭር ነው። ኤክሴል ላይ አዲስ ኮለም ይሥሩ። የተሸፈነውን ውጤት ብቻ ወደ አዲስ ፋይል ይውሰዱና እሱን ይላኩ። ዋናው ፋይል ከእጅዎ አይውጣ። ሰፋ አድርጎ ማውራት የሚያስፈልገው ግን ብዙ ሰው «ሸፍኜዋለሁ» ብሎ የሚልከው ፋይል ለምን እንዳልተሸፈነ ነው።

ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ባሉ ቢሮዎች በብዛት የማየው ኮለሙን Hide ማድረግ ነው። ከB ቀጥሎ D ሲመጣ C የት ሄደ ብሎ የማይጠይቅ የለም። ሁለቱን መርጦ Unhide ማለት ብቻ ነው የሚቀረው። ሌላው ጽሑፉን ነጭ ቀለም መቀባት ነው። ሴሉን ጠቅ ሲያደርጉት ሙሉ ቁጥሩ ከላይ የፎርሙላ መስመሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። PDF ላይ ጥቁር ሳጥን የሚስሉም አሉ። ሳጥኑ ከላይ ተለጠፈ እንጂ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አልጠፋም። ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ መለጠፍ ይበቃዋል።

ዝርዝሩ ደግሞ ግሩፑ ላይ ብቻ አይቀርም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ካሉት ኅትመት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይላሉ። ልጁ «በቴሌግራም ላኩልኝ» ይላል። ፋይሉ በእሱ ኮምፒውተር Downloads ውስጥ ይወርዳል። ታትሞ ሲያልቅ ከፍለው ይወጣሉ፣ ፋይሉ እዚያው ይቀራል። የማያውቁት ሰው ሲቪና የሌላ ድርጅት የደመወዝ ዝርዝር አጠገቡ ተደርድሮ። ልጁ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲያትም ይውላል፣ የመጣን ፋይል የመሰረዝ ጊዜም ልማድም የለውም። ስለዚህ መሸፈን ያለበት ፋይሉ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የንግድ ባንክ አካውንት 13 አሃዝ ነው፣ በ1000 ይጀምራል። ቁጥሮቹ C ኮለም ላይ ናቸው እንበል። ለምሳሌ ያህል ከራሴ የፈጠርኩትን 1000123456789 እንውሰድ። D2 ላይ ይህን ይጻፉ፦

```
=REPT("*",LEN(C2)-4)&RIGHT(C2,4)
```

የሚወጣው ይህ ነው፦

```
*********6789
```

LEN ቁጥሩ ስንት አሃዝ እንደሆነ ይቆጥራል። ከዚያ ላይ አራት ተቀንሶ ዘጠኝ ኮከብ ይደረደራል። RIGHT የመጨረሻዎቹን አራት ያመጣል። ፎርሙላውን እስከ መጨረሻው አባል ይጎትቱት። ከዚያ D ኮለምን ኮፒ አድርገው አዲስ ፋይል ይክፈቱና Paste Special ውስጥ Values የሚለውን ይምረጡ። ይቺን ነገር መዝለል አይቻልም። ፎርሙላው ከነሕይወቱ እያለ C ኮለምን ቢያጠፉት፣ ኮከቦቹ በሙሉ #REF! ይሆናሉ። C እንዳይጠፋ ብለው ከተዉት ደግሞ ሙሉ ቁጥሩ አብሮ ሄደ ማለት ነው።

አንዳንዱ ሰው ፎርሙላ ከመጻፍ ለሁሉም እኩል ዘጠኝ ኮከብ በእጁ ይለጥፋል። እኔ አልመክርም። ኮከቡ በቁጥሩ ልክ ሲወጣ ስሕተት ያጋልጣል። አንዱ መስመር ላይ ስምንት ኮከብ ካዩ፣ ያ አካውንት አንድ አሃዝ ጎድሎታል። አሥር ኮከብና መጨረሻ ላይ ሦስት ቁጥር ብቻ ካዩ ደግሞ፣ ከቁጥሩ ኋላ ባዶ ቦታ ተቀምጧል። ከቴሌግራም መልእክት ኮፒ ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚመጣ ነገር ነው። ባዶ ቦታውን C ላይ ያጥፉትና D ራሱ ይስተካከላል።

አካውንት ሳይሆን የፋይዳ ቁጥር የያዘ ዝርዝር ከሆነ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ኤክሴል ቁጥርን በትክክል የሚይዘው እስከ 15 አሃዝ ነው። 16 አሃዝ ያለውን የፋይዳ ቁጥር እንደ ቁጥር ካስገቡት የመጨረሻውን አሃዝ ዜሮ ያደርገዋል። ያም ከሚታዩት አራቱ አንዱ ነው። ሁሉም መስመር በዜሮ ካለቀ ነገሩ እዚህ ጋ ነው የተበላሸው። ኮለሙን አስቀድሞ Text ማድረግ ያስፈልጋል። ከገባ በኋላ Text ቢያደርጉት የጠፋው አሃዝ አይመለስም፣ ከዋናው ሰነድ እንደገና መጻፍ ነው።

ስም ይታይ ወይስ አይታይ? የእኔ ምርጫ ስሙን አውጥቶ የአባልነት መለያ ቁጥር ማስገባት ነው። ሁለቱንም አውጥቶ አራቱን አሃዝ ብቻ መተው ግን አያዋጣም። አራት አሃዝ 10,000 ዓይነት ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ አሃዞች በዘፈቀደ የተበተኑ ናቸው ብለን ካሰላን፣ በ180 ሰው ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ አንድ ዓይነት የመሆናቸው ዕድል ከ100 ወደ 80 ይጠጋል። ሁለት አባላት አንዱን መስመር «የእኔ ነው» ይላሉ።

የስልክ ኮለሙን ደግሞ መሸፈን ሳይሆን ማጥፋት ነው። የሞባይል ቁጥር 10 አሃዝ ነው፣ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። የመጨረሻዎቹን አራት ካሳዩት የተደበቀው መሀል ላይ ያለው አራት አሃዝ ብቻ ነው። አባላቱን የሚያውቅ ሰው ስልኩ ውስጥ ካሉት ስሞች ጋር አስተያይቶ ይደርስበታል። ደግሞስ አካውንት ለማረጋገጥ ስልክ ምን ይሠራል? የሚከፈለው የገንዘብ መጠንም እንደዚሁ ነው። የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተፈለገበት ዓላማ በሚያስፈልገው ልክ እንዲወሰን ይፈልጋል። እዚህ ዓላማው አባሉ አካውንቱን እንዲለይ ነው፣ ሌላ አይደለም።

አንድ ነገር ግን የተሸፈነው ዝርዝር አይሠራልዎትም። መሀል ላይ የተሳሳተ አሃዝ አያሳይም። 1000123456789 ሊጻፍ ሲገባው 1000132456789 ቢጻፍ ኮከቡም ዘጠኝ ነው፣ መጨረሻውም 6789 ነው። አባሉ አይቶ «ልክ ነው» ይላል። ገንዘቡ ግን ወይ ይመለሳል ወይ ሌላ ሰው ጋ ይገባል። ስለዚህ አዲስ የገቡትንና አካውንት የቀየሩትን አባላት ለብቻ ለይቶ፣ ሙሉ ቁጥሩን ከደብተራቸው ጋር ቢሮ ውስጥ ማመሳከር የግድ ነው።

ለባንኩ የሚሄደው ሙሉው ዝርዝር ስለሆነ ሁለቱን ፋይሎች በስማቸው ይለዩዋቸው። አንዱን «ለባንክ ሙሉ»፣ ሌላውን «ለአባላት የተሸፈነ» ይበሏቸው። ሁለተኛውን ከመልቀቅዎ በፊት ለአንድ ባልደረባ ይላኩና በእሱ ስልክ ይክፈቱት። ኮከብ ያለበትን ሴል ይንኩ። ከላይ የፎርሙላ መስመሩ ላይም ያው ኮከብ ከወጣ ይልቀቁት።