የቤት ብድር የሰጠ ባንክ ስሙን በቤቱ የመድን ፖሊሲ ላይ ማስገባቱ ምን ያስከትላል?

አሉባልታው እንዲህ ይላል፦ «ባንኩ ኢንሹራንስ የሚያስገባን ለራሱ ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል ገንዘቡን በሙሉ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ለቀረው ዕዳ ብቻ መግባት ይበቃል።»

ባንኩ ዋስትናው እንዳይጠፋበት መድን መጠየቁ እውነት ነው፤ ገንዘቡን በሙሉ ይወስዳል መባሉ ግን ስሕተት ነው። በፖሊሲው ላይ ጥቅም ያለው ወገን ተብሎ የሚጻፈው ባንክ መብቱ ባልተከፈለው ዕዳ ልክ የተወሰነ ሲሆን፣ የመድኑ ባለቤትና አረቦን ከፋይ ተበዳሪው ነው። ስሙ መግባቱ በተግባር የሚያስከትለው፣ መድን ሰጪው ባንኩን ሳያሳውቅ ካሳውን ለተበዳሪው እንዳይለቅ ነው።

ሐዋሳ ታቦር አካባቢ መልሶ ለመሥራት 3,000,000 ብር የሚፈጅ፣ 1,200,000 ብር ዕዳ የቀረበት ቤት እንውሰድ። በሙሉ ዋጋው ተመድኖ ፈጽሞ ቢወድም ባንኩ 1,200,000 ብሩን ይወስዳል፤ ቀሪው 1,800,000 ብር ለባለቤቱ ነው። በዕዳው ልክ ብቻ ከተመደነ ግን ካሳው በሙሉ ባንኩ ዘንድ ይቀራል፤ አሉባልታው እውነት የሚሆነው እንግዲህ በራሱ ምክር ነው። ጉዳቱ ከፊል ሲሆንም ያው ነው፤ የኩሽና እሳት 200,000 ብር ቢያደርስ፣ ቤቱ የተመደነው በዋጋው 40 በመቶ ስለሆነ፣ ካሳውን በተመደነው ድርሻ ልክ የሚቀንስ የተመጣጣኝነት አንቀጽ ባለበት ውል የሚከፈለው 80,000 ብር ብቻ ነው።

ለማረጋገጥ የፖሊሲውን የመጀመሪያ ገጾች አውጥታችሁ «የተመደነበት መጠን» የሚለውን አኃዝና ባንኩ የተጠቀሰበትን አንቀጽ አንብቡ። አኃዙ መሬቱን ሳይጨምር ቤቱን ዛሬ መልሶ ለመገንባት ከሚፈጀው ወጪ ጋር መቀራረብ አለበት።