ተሸኚ የሌለው ሸኚ

ከአንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ኢሜይል መጣልኝ። የመመረቂያ ጽሑፏን ንድፈ ጥናት አያይዛለች። ርእሱ «ትውስታ በዘመናዊ የአማርኛ ግጥም» ይላል። ከላይ ደግሞ ሸኚ ማስታወሻ አለው። ያበሳጨኝ እሱ ነው።

«ክቡር የተከበሩ መምህሬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ» ብላ ትጀምራለች። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ከበርኩ። ይሁን፣ ክብር ማን ይጠላል? ቀጥሎ ትውስታ ለሰው ልጅ ያለው ፋይዳ መጣ። ከዚያ ሞሪስ ሃልብዋክስ መጣ። እ.አ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው ብቻውን አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው ቤተሰቡ፣ ሃይማኖቱና መደቡ ባበጁለት ማዕቀፍ ውስጥ ነው ያለ ፈረንሳዊ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጠብ የለኝም። ከሱ በኋላ ከከበደ ሚካኤል እስከ ዘመናችን ወጣቶች ድረስ የገጣሚያን ስም ተደረደረ። በመጨረሻ «በጎ ምላሽዎን በትሕትና እጠባበቃለሁ» ተባለ።

ለምኑ ነው በጎ ምላሽ የምሰጠው? ጥያቄ የለም። አንድ የግጥም ርእስ እንኳ አልተጠቀሰም። ስለ ትውስታ የሚያጠና ሰው አንድ ግጥም ትዝ አይለውም?

ድሮ በየመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር የጽሕፈት መኪናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ነበሩ። ባለጉዳይ ሲመጣ ከአባቱ ርስት፣ ከጎረቤቱ ክፋት፣ ከበሬው ሞት ይጀምርላቸዋል። እነሱ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው «እሺ፣ ጉዳይህ ምንድን ነው?» ይሉታል። ሰውየው እንደገና ከበሬው ይጀምራል። «ጉዳይህን ነው እኮ!» እስኪናገር ድረስ አንድ ፊደል አይመቱም። ከዚያ ከላይ «ጉዳዩ፦» ብለው በአንድ መስመር ይዘጉታል። የምርምር ዘዴ ኮርስ አልወሰዱም። እኛ ኮርሱን እናስተምራለን፤ «ጉዳዩ»ን ግን ከነሁለት ነጥቡ ጣልነው።

ደግሞ ልጅቷ ብቻዋን አላጠፋችም። ይኼ የቆየ ቂሜ ነው፣ ስለዚህ ልናገረው። እኔ ተማሪ ሳለሁ አማካሪዬ የሚያውቁት አስተያየት አንድ ነበር፤ «ይስፋ»። በቀይ እስክሪብቶ፣ በየኅዳጉ። ምኑ ይስፋ? «ወሰኑ።» አንድ መድበል ይዤ ሄጄ አንድ ዘመን ተሸክሜ ተመለስኩ። የመከላከያው ቀን ደረሰ። ፈታኙ ገና ሽፋኑን ሲገልጡ «ወሰኑ በጣም ሰፊ ነው» አሉ። አማካሪዬ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ! ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ በፍቅር ነው የሚስሙኝ። ምንም ትዝ አይላቸውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ይህችን ተረት እወዳታለሁ። ከማስታወሻው ሁለት ገጽ ትበልጣለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ትውስታ እኩል እንደማይከፋፈል ትናገራለች። በአንዱ ድርጊት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ረስቶት ተኝቷል፣ ሌላው ጠባሳውን ይዳስሳል። ግጥም ውስጥ «አስታውሳለሁ» የሚል ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ይኼ የሚናገረው ማነው? የተወጋው ነው ወይስ የወጋው? ከየት ቆሞ ነው የሚናገረው? መቼ? ልጅቷ ይህን ብትጠይቅ ሃልብዋክስም ሥራ ያገኝ ነበር። ተናጋሪው በማን ማዕቀፍ ውስጥ እንደሚያስታውስ ለማሳየት ይጠራል። አሁን ግን በር ላይ እንደ ጥበቃ ቆሞ ገጣሚውን አላስገባም ብሏል።

አንድ ምሳሌ ልያዝ። ማስታወሻዋ «ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1998 ዓ.ም. ባሳተመው መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ይላል። ሰውየው በ1973 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ አርፏል። ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ ማተሚያ ቤት ልካዋለች። ሥዕሉን የሳለ፣ ግጥሙን የጻፈ እሱ ነው፤ መድበሉን ያሳተሙት ግን ሌሎች ናቸው። «መምህር፣ ይቺን ቃል ማስተካከል ይቻላል» ትለኝ ይሆናል። ቃል ብትሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። እዚህ ጋ ጥናቱ በሙሉ ይወላገዳል።

ገብረ ክርስቶስ ከአገሩ ርቆ የኖረው በሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ወጣት ሆኖ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ሊማር ሄደ። ተምሮ እንደሚመለስ ያውቃል፤ ተመለሰም፣ አዲስ አበባ ሥዕል አስተማረ። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ነው፤ ተሰደደ፣ አልተመለሰም። አሁን «አገሬ» የሚለውን ግጥሙን አንብቡት። ያው ቃል፣ ያው ምት ነው። የሚመለስ ተማሪ የጻፈው ከሆነ ናፍቆት ነው፤ ትኬት የያዘ ናፍቆት። መመለሻ ያጣ ስደተኛ የጻፈው ከሆነ ግን ስንብት ይሆናል። የመድበሉን ዓመት የግጥሙ ዓመት አድርጎ የወሰደ ሰው ሁለቱን መለየት አይችልም። ይባስ ብሎ «የስደት ትውስታ» የሚል ምዕራፍ ይከፍትና ተማሪ ሳለ የተጻፈውን ሁሉ እዚያ ይከተዋል።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፣ ለዚህ ነው ማንም የማይወደው። ከግጥሙ ግርጌ ቀንና ቦታ ተጽፎ እንደሆነ ማየት። ካልተጻፈ ግጥሙ ከመድበሉ በፊት በጋዜጣ ወይም በመጽሔት ወጥቶ እንደሆነ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አቧራ እየጠጡ መፈለግ። ካልተገኘ «ጊዜው አልታወቀም» ብሎ መጻፍና ያንን ግጥም ለድምዳሜ አለመጠቀም። ይኼን ያደረገ ተማሪ ሦስት ግጥም ይበቃዋል። ሠላሳ ገጣሚ አያስፈልገውም።

በነገራችን ላይ የሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት»ም ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። በ1963 ዓ.ም. የወጣ መድበል ነው። የገባበትን ምክንያት እጠረጥራለሁ፤ ልጅነት ስለሚል! ሽፋን አይቶ ምዕራፍ መመደብ በሽታ ሆኗል። ነገ ደግሞ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የግጥም መድበል «እሳት ወይ አበባ»ን ለግብርና ኮሌጅ እንልከዋለን።

ወደ ማስታወሻው ልመለስ፣ መሽቷል። ለልጅቷ እንዲህ ብለሽ ብትጽፊልኝ ብዬ መለስኩላት፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ያያያዝኩት የንድፈ ጥናቴ የመጀመሪያ ረቂቅ ነው። በገብረ ክርስቶስ ደስታ መድበል ውስጥ ስለ አገር የተጻፉ ሦስት ግጥሞችን አነባለሁ። ጥያቄዬ ተናጋሪው አገሩን የሚያስታውሰው እንደሚመለስ ሰው ነው ወይስ እንደማይመለስ የሚል ነው። የግጥሞቹን ጊዜ ገና አላረጋገጥኩም፤ ጥናቱ የሚሰናከል ከሆነ እዚህ ላይ ነው። ሦስት ግጥም ይበቃል ወይ የሚለውን ብቻ እስከ ሐሙስ ቢነግሩኝ።»

በቃ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ንባብ፣ ስልክ ላይ የሚመለስ ጥያቄ።

መልሷ ቶሎ መጣ። «በጣም አመሰግናለሁ ክቡር መምህሬ፤ ግን የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ሦስት ግጥም ያንሳል አይልም?» አለችኝ። ይላል እንጂ! የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን እንደሆኑ ታውቃለች መሰለኝ። እኚያው ቀይ እስክሪብቶ ያላቸው ሰውዬ ናቸው። አራት አድርጊው አልኳት።