ለዱባይ የሚሆን ሲቪ ለካናዳ አይሆንም

«ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ የምሠራ ነርስ ነኝ። ለካናዳ፣ ለጀርመንና ለዱባይ ላመለክት አስቤያለሁ። ሲቪዬ ላይ ፎቶ፣ የትውልድ ዘመንና ባለትዳር መሆኔን ልጻፍ ወይስ ልተው? አንዱ ጻፊ ይለኛል፣ ሌላው አትጻፊ ይለኛል።»

ለካናዳ ሦስቱንም ተዪ። ለዱባይ ሦስቱንም ጻፊ። ለጀርመን ጋብቻውን ተዪ፤ ፎቶውና የትውልድ ዘመኑ በፈቃድሽ ነው።

ከካናዳ ልጀምር። እዚያ የፌዴራሉም የየክፍለ ሀገሩም የሰብአዊ መብት ሕጎች በዕድሜና በጋብቻ ሁኔታ ምክንያት በቅጥር ላይ ማዳላትን ይከለክላሉ። ስለዚህ ቀጣሪው እነዚህን ነገሮች ገና ከጅምሩ ማየት አይፈልግም። አይቶ ቢጥልሽ «በዕድሜዬ ነው፣ በትዳሬ ነው» ብለሽ ልትከሺው ትችያለሽ። ፎቶ ያለበት ሲቪ ሲደርሰው የሚሰማው ይኸው ስጋት ነው። እንግሊዝም በፈረንጆቹ 2010 ባወጣችው የእኩልነት ሕግ ተመሳሳይ መንገድ ይዛለች። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ1967 ጀምሮ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሠራተኞች በዕድሜ ከሚመጣ አድልዎ የሚጠብቅ ሕግ አለ።

ዱባይ ሌላ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀጣሪዎችና ኤጀንሲዎች ፎቶ፣ ዜግነት፣ የትውልድ ቀንና የጋብቻ ሁኔታ ማየት ለምደዋል። ብዙ ጊዜ ቅጹ ራሱ ይጠይቃል። ስትተዪው ሲቪው ያላለቀ ይመስላቸዋል። ልማዱን አልወደውም፣ ግን አንቺ በአንድ ማመልከቻ ልትለውጪው አትችዪም።

አስቸጋሪዋ ጀርመን ናት። በፈረንጆቹ 2006 የወጣው የእኩል አያያዝ ሕግ ቀጣሪው ፎቶ ላክልኝ ብሎ እንዳያስገድድ አድርጎታል። ልማዱ ግን አልጠፋም። ብዙ ጀርመናዊ ዛሬም ስቱዲዮ ገብቶ ተነሥቶ ፎቶውን ከላይ ይለጥፋል። እናም «ሁሉም ይለጥፋል፣ እኔም ልለጥፍ» ማለት ይመጣል። ከመለጠፍሽ በፊት አንድ ነገር እወቂ። በፈረንጆቹ 2016 የወጣ አንድ ጥናት የአንዲትን ሴት ፎቶ ይዞ ለጀርመን ቀጣሪዎች ማመልከቻ ላከ። ትምህርቱም ልምዱም አንድ ነው። የጀርመን ስም ሲኖራት 18.8 በመቶው ለቃለ መጠይቅ ጠራት። የቱርክ ስም ሲሆን 13.5 በመቶ። በቱርኩ ስም ላይ ሂጃብ ሲጨመር 4.2 በመቶ ብቻ። ፊቷ ያው ነው፣ ሙያዋም ያው ነው።

ከእኛ አገር የሚላክ ፎቶም ቆዳችንን፣ አንገት ላይ ያለውን ማተብ ወይም ሂጃቡን ከሙያችን አስቀድሞ ይናገራል። ማንም ማተቡን ይፍታ፣ ሂጃቧን ታውልቅ አልልም። የምለው ሰውየው መጀመሪያ የሥራ ልምድሽን ያንብብ ነው። በእኔ አስተያየት ለጀርመን ያለ ፎቶ ላኪ። በፎቶው ቦታ ላይ የጀርመንኛ ደረጃሽን፣ ቢ1 ወይም ቢ2 መሆኑን ጻፊ። ለነርስ ቀጣሪ ከፊትሽ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው። ፎቶ ማድረግ ከፈለግሽም ከምረቃ ፎቶ ላይ የተቆረጠ አይሁን። የጋውኑ ጥቁር አንገትጌና የሰው ትከሻ ጠርዙ ላይ የቀረበት ጉርድ ፎቶ ስንቴ አየሁ።

አሁን ወደ ዕድሜው ልመለስ፤ የእኛ ሰው ብዙ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ አንዲት ነርስ ጥቅምት 12 ቀን 1988 ተወለደች እንበል። ወደ ፈረንጅ ስትቀይሪው 23 October 1995 ይሆናል። ብዙ ሰው ግን ዝም ብሎ 8 ይደምርና 1996 ይጽፋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገቡ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። ፓስፖርቷ 1995 ይላል፣ ሲቪዋ 1996። ይህ እንደ ትንሽ ነገር ይታያል፤ ሰነድ የሚያጣራ ሰው ግን የሚያየው ሁለት የተለያየ ሰው ነው።

የባሰውም አለ። የትውልዱን ዘመን ቀይራ የምረቃውን ትረሳለች። ሰኔ 2010 ተመርቃ «2010» ብላ ትተወዋለች። አንባቢው በ1995 ተወልዳ በ2010 ተመረቀች ብሎ ያሰላል፦ የ15 ዓመት ነርስ። ትክክሉ 2018 ነው፣ ስትመረቅም 22 ዓመቷ ነበር። ስለዚህ የትውልድ ቀን ባትጽፊ እንኳ የምረቃና የሥራ ዓመቶችሽን አንድ በአንድ ቀይሪ። ወሩንም በቁጥር ሳይሆን በፊደል ጻፊ። 5/10 ለአሜሪካዊ ግንቦት አካባቢ ነው፣ ለጀርመናዊ ጥቅምት አካባቢ።

ይህ ስህተት የሚወለደው ብዙ ጊዜ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ወረፋ ስጠብቅ አንድ ልጅ ሲቪ ሲጽፍ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የትናንት ደንበኛ ፋይል ይከፍታል፣ ስሙን ያጠፋል፣ አዲሱን ስም ያስገባል። «የግል መረጃ» የሚለው ክፍል እንዳለ ይቀራል፦ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ። የዚያን ቀን የቆመችው ልጅ ያገባች ናት፤ ወረቀቷ ላይ ግን «ያላገባ» የሚለው የትናንቱ ሰው መልስ አልተነካም። ነግሬያት ተስተካከለ። ልጁን አልወቅስም፣ የሚከፈለው በገጽ ነው። ግን ፍላሽሽን ይዘሽ ከመውጣትሽ በፊት መስመር በመስመር አንብቢው።

ሌላም መለየት ያለብሽ ነገር አለ። ሲቪ ለቀጣሪ ነው፣ የቪዛና የኢሚግሬሽን ቅጽ ለመንግሥት። ካናዳ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው የባለሙያ ስደተኞች መምረጫ ስታመለክቺ ዕድሜሽን ቆጥራ ነጥብ ትሰጣለች፤ ከ20 እስከ 29 ያለ ሰው ከፍተኛውን ያገኛል፣ ያላገባ ከሆነ እስከ 110። ጀርመንም ከፈረንጆቹ 2024 ጀምሮ ለሥራ ፈላጊዎች በምትሰጠው የዕድል ካርድ ዕድሜው ከ35 ላልበለጠ 2 ነጥብ አላት። እዚያ ትዳርሽንም ዕድሜሽንም በትክክል ትሞያለሽ። ሲቪ ላይ መተው መዋሸት አይደለም። ቅጽ ላይ መደበቅ ግን ውሸት ነው፣ በሩንም ይዘጋብሻል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የሚያብሰለስለኝ የራሳችን ነገር ነው። እህቴ ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ቀርባ ነበር። ጠያቂው ሲቪዋን አየና «አግብተሻል አይደል? መቼ ልትወልጂ አስበሻል?» አላት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የጋብቻ ሁኔታና እርግዝና ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንዳልሆኑ ይደነግጋል። ታዲያ ለማሰናበት ያልሆነ ምክንያት ለመቅጠር ለምን ይጠየቃል? ለአገር ውስጥ ሥራም ቅጹ እስካልጠየቀሽ ድረስ ያን መስመር አውጪው እላለሁ። እህቴ አውጥታዋለች።

አንቺም አንድ ዋና ሲቪ ያዢ፣ ሦስቱም የሌሉበት። ለዱባይ ሲሆን ኮፒ አድርጊና ጨምሪበት፣ ፋይሉንም በአገሩ ስም አስቀምጪ። የትውልድ ቀንሽን ስትጽፊም ከአእምሮሽ አትጻፊ፤ ፓስፖርትሽን ገልጠሽ እያየሽ ገልብጪ።