አራት ገጽ ሲቪ እና 48 መስመር

«ጋሼ፣ ሲቪዬ አራት ገጽ ነው። እዚህ ያሉ ልጆች ከአንድ ገጽ ካለፈ ማንም አያየውም አሉኝ። ስድስት ዓመት የሠራሁትን እንዴት አድርጌ አንድ ገጽ ላይ አስገባዋለሁ? ምኑን ልቁረጥ?»

የእህቴ ልጅ ነው። አሜሪካ ከገባ ሦስት ወሩ ነው፣ ሙያው ሂሳብ ነው።

የሥራ ልምዱ ከ10 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አንድ ገጽ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሠራ ሰው፣ ሁለተኛውን ገጽ ቢያንስ እስከ ግማሹ በሚረባ ነገር መሙላት ከቻለ፣ ሁለት ገጽ ቢልክ ችግር የለውም። የማይሆነው አንድ ገጽ ከሩብ ነው። ሁለተኛው ገጽ አናት ላይ ሦስት መስመር ብቻዋን ስትንጠለጠል ሰውየው መምረጥ ያቃተው ይመስላል። የዩኒቨርሲቲ መምህርነትና ምርምር ለብቻው ነው፤ የታተመ ጽሑፍ ሁሉ ስለሚዘረዘር አሥር ገጽም ቢሆን ያስኬዳል። እንግሊዝ አገርም ሁለት ገጽ የተለመደ ነው። የእህቴ ልጅ ግን አሜሪካ ነው ያለው፣ ስድስት ዓመት ነው የሠራው። ስለዚህ አንድ ገጽ።

ይህን ስለው ተከፋ። ገባኝ፣ እኔንም አንድ ጊዜ አናዶኛል። እንደመጣሁ አምስት ገጽ ሲቪ ይዤ ስንት ቦታ አመለከትኩ፣ አንድም ሰው አልደወለልኝም። ምክንያቱን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው፣ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለአንድ ክፍት ቦታ አመልካቾችን እንዳጣራ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ያስቀመጠኝ ቀን። ከመቶ በላይ ማመልከቻ ነበር። እሷ አንዱን ትከፍታለች፣ ዓይኗ የመጀመሪያው ገጽ የላይኛው ሲሶ ላይ ያርፋል፣ የመጨረሻውን ሥራና መሥሪያ ቤቱን ታያለች፣ ሁለት ሦስት መስመር ታነባለች፣ ከዚያ ወይ ለይታ ታስቀምጠዋለች ወይ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አንዱ አመልካች ፎቶ ያለው አምስት ገጽ ልኳል። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ትውልዱና ስለ ትዳሩ ነው። አለፈችው። ቆይ ብዬ ወደ ታች ብወርድ ሦስተኛው ገጽ ላይ የምንፈልገው ሙያ ቁጭ ብሏል! ያን ቀን የራሴ አምስት ገጽ ፊቴ ላይ መጣብኝ፤ የኔም ዋናው ነገር ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር።

እና የልጁን ሲቪ ላክልኝ አልኩት። ስከፍተው የማውቀው ነገር ነው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ከላይ በትልቁ «ካሪኩለም ቪቴ» ይላል፤ ሲቪ መሆኑን ማን ያጣዋል? ከዚያ ጉርድ ፎቶ። ከዚያ ፆታ፣ የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ ዜግነት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የጤና ሁኔታ «በጣም ጥሩ»። ትምህርት ከአንደኛ ደረጃ ይጀምራል። ቋንቋ በሠንጠረዥ ነው፦ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማዳመጥ። ሥልጠና አሥራ አንድ። ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አለ። ሦስት ምስክር ከነስልካቸው አሉ። መጨረሻ ላይ ከላይ የገለጽኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፣ ቀን፣ ፊርማ።

ልጁን አልፈርድበትም። አገር ቤት ሲቪህ ሳሳ ካለ «ይሄ ብቻ ነው እንዴ?» የሚል አለ። እዚህ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ወዲህ ቀጣሪ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ፣ በትውልድ አገር ማበላለጥ አይችልም፤ 40 ዓመት የሞላውንና ከዚያ በላይ ያለውንም በዕድሜው እንዳይገፋ የ1967ቱ ሕግ ይከለክለዋል። ፎቶህንና የትውልድ ቀንህን ስትልክለት ማየት የማይፈልገውን ነገር ነው እጁ ላይ የምታስቀምጥለት። ስለዚህ ይህ ሁሉ መጀመሪያ ይወጣል፣ ልብ የሚያሳዝንም ነገር የለውም።

እኔ የምለካው በገጽ አይደለም፣ በመስመር ነው። ባለ 11 ነጥብ ፊደል፣ በየጠርዙ አንድ ኢንች ክፍት ቦታ ያለው የአሜሪካ ወረቀት ወደ 48 መስመር ይይዛል። የልጁ አራት ገጽ ቢቆጠር 170 መስመር ሆነ። ርዕሱ፣ ፎቶውና የግል መረጃው 28 መስመር ይዘዋል፤ ስሙን፣ ስልኩን፣ ኢሜይሉንና የሚኖርበትን ከተማ በሦስት መስመር አስቀርተን 25 አተረፍን። ማረጋገጫው ከነፊርማው 6፣ ትርፍ ጊዜው 4፣ ምስክሮቹ 18። ምስክር ሲጠየቅ ይሰጣል፣ ሲቪ ላይ «ሲጠየቅ አቀርባለሁ» ብሎ መጻፍም አያስፈልግም። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት 9፤ ዲግሪ ያለው ሰው አንደኛ ደረጃ መማሩ ግልጽ ነው። የቋንቋው ሠንጠረዥ ወደ አንድ መስመር ወርዶ 8፣ ሥልጠናዎቹ ከሚያመለክትበት ሥራ ጋር የሚገናኙት ሦስቱ ብቻ ቀርተው 11። በድምሩ 81 መስመር ሄደ፣ 89 ቀረ። ስለ ሥራው አንዲት ቃል ሳንነካ ወደ ግማሽ ወረድን ማለት ነው።

ጭቅጭቁ የመጣው ሥራው ላይ ስንደርስ ነው። ሦስት ቦታ ሠርቷል፣ ለእያንዳንዱ አሥራ ሁለት ተግባር ዘርዝሯል። የክፍያ ቫውቸር ያዘጋጃል፣ ደመወዝ ይሠራል፣ የባንክ ሂሳብ ያስታርቃል፣ ሰነድ በአግባቡ ይይዛል። መጨረሻው ሁልጊዜ ያው ነው፦ ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች ያከናውናል። ሦስቱም ቦታ ላይ ቃል በቃል አንድ ነው፣ ምክንያቱም የሥራ መዘርዝሩን ነው የገለበጠው። የሥራ መዘርዝር ቦታው ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው ምን እንዲሠራ እንደሚጠበቅ ነው የሚናገረው። አንተ ምን እንደሠራህ አይናገርም! ይህንን ነው ደጋግሜ የምጮኸው።

ስልክ ደወልኩለትና «እሺ፣ ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ስትገባ ምን ነበር፣ ስትወጣ ምን ሆነ?» አልኩት። መጀመሪያ «ምንም፣ ያው ሥራ ነው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ስገባ የባንክ ሂሳቡ ለአምስት ወር አልታረቀም ነበር» አለ። ስንት ባንክ? አራት። በስንት ጊዜ አስተካከልከው? በሰባት ሳምንት። ከዚያስ? የወር መዝጊያው 20 ቀን ይፈጅ የነበረው በ6 ቀን ማለቅ ጀመረ። አራት ገጽ ውስጥ ይህ የለም። ጤናው በጣም ጥሩ መሆኑ አለ፣ ይህ የለም። ደሜ ፈላ፣ እውነቴን ነው።

እና ሦስት አራት ተግባር ወጥቶ በምትኩ ይህ ገባ፦ «ለ5 ወር ያልታረቀ የ4 ባንክ ሂሳብ በ7 ሳምንት አስታርቄ ወርሃዊ መዝጊያውን ከ20 ወደ 6 ቀን አወረድኩ።» ለመቁረጥ የምጠቀምበት መለኪያ ይሄው ነው። አንዱን መስመር ሸፍነህ ቦታው ላይ የነበረ ሌላ ሰው ያንኑ ሊጽፈው ይችል ነበር ወይ ብለህ ጠይቅ። ከቻለ ይውጣ። ለመጨረሻው ሥራ ስድስት መስመር፣ ለመካከለኛው አምስት፣ ለመጀመሪያው አራት ሰጠን። 54 መስመር የነበረው 15 ሆነ። 39 ሄደ፣ በድምሩ 50 ቀረ።

እዚህ ጋ ሰዎች ሲቆርጡ የሚሳሳቱትን አንድ ነገር ላንሳ። ልጁ ቦታ ለማትረፍ ብሎ ከመሥሪያ ቤቶቹ ስም ጎን የነበረችውን ማብራሪያ ሊያጠፋ ነበር። አይሆንም። አገር ቤት ስሙ ሲጠራ ሁሉም የሚያውቀው ድርጅት እዚህ ላለው አንባቢ ባዶ ስም ነው። «300 ሠራተኛ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ» የምትለዋ ግማሽ መስመር የግድ ትቅር። ፒችትሪ ብሎ የጻፈውም እንዲሁ፤ ሶፍትዌሩ ሴጅ 50 ከተባለ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ በድሮ ስሙ ብቻ ከተጻፈ ወጣቱ ቀጣሪ ላያውቀው ይችላል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ቢጨመሩ እንጂ አይቆረጡም።

50 መስመር ሲሆን ልጁ ደስ ብሎት ደወለ፦ «ጋሼ፣ አንድ ገጽ ገባ!» እኔ ጋ ከፍቼ የወረቀቱን መጠን ባየው A4 ነው። አገር ቤት የለመድነው እሱ ነው፣ ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር። የአሜሪካው Letter 279 ነው። Word ላይ Layout ውስጥ ገብቼ Size የሚለውን ወደ Letter ስቀይረው ሁለት መስመር ሁለተኛው ገጽ ላይ ወደቀች። ይህን ሳያውቁ ስንቶች እንደሚልኩ እግዜር ይወቀው።

«ፊደሉን 9 እናድርገው፣ ጠርዙንም እናጥብበው» አለኝ። እምቢ አልኩ። ከ10 በታች የሆነ ፊደል ዓይን ያደክማል፣ ከግማሽ ኢንች ያነሰ ጠርዝ ሲታተም ሊቆረጥ ይችላል፣ ጥቅጥቅ ያለ ገጽ ደግሞ ያቺ ባልደረባዬ እንዳደረገችው የሚታለፍ ገጽ ነው። ቀጥሎ ጓደኛው ገጹን ለሁለት ዓምድ እንዲከፍለው መከረው። ይህም መዘዝ አለው። ብዙ ቀጣሪዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት በሶፍትዌር ነው፣ ሶፍትዌሩ አንዳንዴ ሁለቱን ዓምድ አግድም ስለሚያነበው የዲግሪው ስም ከስልክ ቁጥሩ ጋር ይደባለቃል። የራሳችሁን መፈተሽ ቀላል ነው፦ ፋይሉ ላይ ያለውን ሁሉ ምረጡና ገልብጣችሁ Notepad ላይ አስቀምጡት። ቅደም ተከተሉ ከተዘበራረቀ ሶፍትዌሩም ሊዘበራረቅበት ይችላል።

እኛ ያደረግነው ሌላ ነው። ሦስት ቦታ ላይ አንድ ቃል ብቻዋን ወደሚቀጥለው መስመር ወርዳ መስመሩን ሙሉ ይዛለች። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር «በአግባቡ»፣ «በተሳካ ሁኔታ»፣ «የተለያዩ» የሚሉትን ነቀልን። ሦስቱም ወደ ላይ ተመለሱ። 47 መስመር።

ማታ እንደገና ደወለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ጋሼ፣ አንዷን ግን ባትወጣብኝ» አለ። ሥልጠናዎቹን ስንጠርግ አብራ የሄደች ናት፣ ሁለተኛው መሥሪያ ቤት የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ብሎ የሸለመው። መቼ ነው ብዬ ስጠይቀው ያ የባንክ ሂሳብ የተስተካከለበት ዓመት ሆኖ ተገኘ። 48ኛዋ መስመር ባዶ ነበረች። ሥራው ሥር፣ ከነዓመተ ምሕረቷ አስገባናት።