ማስታወቂያው ደረሰን፤ መልሱን የት እንጻፍ?

«የወላጆች ኮሚቴያችን የዋትስአፕ ግሩፕ 240 ሰው አለበት። ወሬው ሲበዛ ማስታወቂያ ይጠፋል። ወደ ቻናል እንቀይረው ወይስ ግሩፑ ይቆይ?»

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ ይቀየር እንጂ! ማታ የስብሰባ ጥሪ እጽፋለሁ፣ ጠዋት ስፈልገው 140 መልእክት ተከምሮበታል። «እሺ»፣ «እናመሰግናለን»፣ ከዚያ የጠፋ ሹራብ ፎቶ። ቻናል ላይ የሚለጥፈው አድሚን ብቻ ነው፤ ሌላው ያነባል፣ ከፈለገ የልብ ምልክት ያደርጋል። ደግሞ የሁላችንም ስልክ ቁጥር ለ240 ሰው ተበትኗል። የማላውቀው ሰው በሌሊት ደውሎልኛል። ቻናል ላይ ተከታይ የሌላውን ተከታይ ቁጥር አያይም። ጥያቄ ያለው ለኮሚቴው ይደውል። ካልደወለ ገብቶታል ማለት ነው።

አንድ አባት፦ «ካልደወለ ገብቶታል ማለት ነው»? ይህን ያነበብኩት ሁለት ጊዜ ነው። የትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት የቴሌግራም ቻናል አለው። «ስብሰባ ማክሰኞ 14» ብለው ለጠፉ። 14 ግን ሰኞ ነበር። አንዲት እናት ስህተቱን ከሁለት ቀን በፊት አይታለች። የት ትጻፈው? ከስር መጻፊያ የለም፣ ያለው Mute የሚል ቁልፍ ብቻ ነው። እኔ ሰኞ ሥራ ትቼ ሄድኩ፣ በሩ ዝግ ነው። ሁላችንም ዝም ብለን ነበር። ገብቶን ነበር?

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ አዝናለሁ ወንድሜ፣ ግን ያ የጻፈው ሰው ስህተት ነው። ግሩፕ ላይ ቢሆንስ ኖሮ? እርማቱ ከታች ይመጣል፣ የተሳሳተው ከላይ እንዳለ ይቀመጣል። ዋትስአፕ የላክኸውን እንድታስተካክል የሚፈቅደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ዘግይቶ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የቱን ነው? ቴሌግራም ቻናል ላይ ግን ገብቼ እዚያው ጽሑፉ ላይ 14ን 15 አደርገዋለሁ፣ አለቀ።

አንድ አባት፦ የሚያስተካክሉት እኮ ሰው ሲነግርዎት ነው! ማን ይንገርዎት? አሁንም «ካልደወለ» ላይ ነን። ወሬው ካስቸገረዎት እዚያው ዋትስአፕ ላይ ብሮድካስት ሊስት ይክፈቱ። አንድ ጊዜ ይልካሉ፣ ለእያንዳንዱ በግል ይደርሰዋል፣ ሲመልስም ለእርስዎ ብቻ ይመጣል። ወሬ የለ፣ ቁጥር አይበተን። ቻናል ማለትም ይኸው ነው፣ መልስ መቀበል ሲጨመርበት።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ አይደለም፣ እዚህ ላይ ተሳስተሃል። ሞክሬዋለሁ። ሊስቱ 256 ሰው ይይዛል፣ በቁጥሩ እንበቃለን። ግን የሚደርሰው ስልኬን ሴቭ ላደረገ ሰው ብቻ ነው። ላላደረገው ዝም ብሎ ይቀራል። እሱም አያውቅም፣ እኔም መልእክቱን ተጭኜ ለማን እንደደረሰ ካላየሁ አላውቅም። ከፍቼ ሳየው ከስልሳ በላይ ሰው ስም የለም። «ለምን አልነገራችሁንም» ተብዬ የተሰደብኩት በዚያ ነው። ደመወዝ የለኝም፣ ልጆቼን አስተኝቼ ነው የምጽፈው። ስለዚህ «ማን ይንገርዎት» እያልክ እንደ ባለሥልጣን አታናግረኝ።

አንድ አባት፦ የሴቩን ነገር አላውቅም ነበር። ስድቡም አይገባዎትም። ግን እኔም ባለሥልጣን አላልኩም፤ «ይደውል» ያሉት እርስዎ ነዎት። 240 ሰው ቢደውል ያነሳሉ? አያነሱም። እንግዲህ ነገሩ ቻናል ወይስ ግሩፕ መሆኑ ቀርቷል። ጥያቄ ሲመጣ የሚመልስ ሰው አለ ወይ ነው።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ እሺ፣ ቴሌግራም ይሁንና ቻናሉን ከአንድ ግሩፕ ጋር እናገናኘው። ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ ስር ኮሜንት ይከፈታል። ቀኑ ከተሳሳተ እዚያው ስሩ ትጽፋለህ፣ እኔም ከላይ አስተካክላለሁ። ለሹራቡም ቦታ አለው፣ ማስታወቂያውን አይጫነውም። ጭቅጭቅ ከተነሳ ደግሞ ግሩፑ ውስጥ የገባውን የማስታወቂያውን ቅጂ አጠፋለሁ፤ የዚያ ማስታወቂያ ኮሜንት ይዘጋል።

አንድ አባት፦ ጥሩ ነበር፣ መጨረሻው ላይ አበላሹት። ጭቅጭቅ መሆኑን የሚወስነው ማን ነው? ስለ ክፍያ የጠየቀ ሰው ተጨቃጫቂ ይባል ይሆን? ኮሜንቱ ሲዘጋ ለሌላው ወላጅ መጀመሪያውኑ ማንም ያልጠየቀ ነው የሚመስለው።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ እኔ ጥያቄ አላጠፋም። ስድብ ግን አጠፋለሁ፣ በዚህ አልደራደርም።

አንድ አባት፦ እንግዲያው ሁለት አድሚን ይሁን፣ አንዱ ከኮሚቴው ውጭ ያለ ወላጅ። ይህን ከተቀበሉ ነገውኑ ከዋትስአፕ ግሩፑ እወጣለሁ።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ። ማታ ማታ ኮሜንቱን አብሮኝ የሚያነብ ከሆነ ግን አንተ ራስህ ለምን አትሆንም?