ስሊፑ አለ፣ ሲስተሙ ላይ የለም

«ግብሬን በቀኑ ባንክ አስገብቻለሁ፤ ማኅተም ያረፈበት ስሊፕ በእጄ ነው። የገቢዎች ጽሕፈት ቤቱ ግን ‹ሲስተሙ ላይ የለም፣ ቅጣት አለብህ› ይለኛል። ገንዘቤ የት ገባ?»

ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ የትም አልሄደም። መንግሥት ሒሳብ ውስጥ ገብቷል፤ የጎደለው የማን እንደሆነ የሚናገር ነገር ነው። የባንክ ስሊፕ የሚመሰክረው በዚህ ቀን ይህን ያህል ብር ወደዚህ ሒሳብ ቁጥር መግባቱን ብቻ ነው። የየትኛው ግብር ከፋይ፣ የየትኛው የታክስ ዓይነት፣ የየትኛው ወር ዕዳ እንደተከፈለ የሚመሰክረው ሌላ መዝገብ ነው፤ እሱም በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በግብር ከፋዩ መለያ ቁጥር የተከፈተው ሒሳብ ነው። ሁለቱ መዛግብት ሳይገናኙ ሲቀሩ ነጋዴው ከፍሎ ባለዕዳ ይሆናል። መስኮት ላይ ቆሞ ስሊፕ እያውለበለቡ መከራከር ብዙም የማይረዳው ለዚህ ነው። ሠራተኛው የሚያየው ሁለተኛውን መዝገብ፣ ነጋዴው የያዘው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ።

ክፍያው የተፈጸመው በክፍያ ማዘዣ ቁጥር ከሆነ ፍለጋው አጭር ነው። የባንኩ ሠራተኛ ወይም የስልኩ መተግበሪያ ቁጥሩን ሲያስገባ የዕዳው መጠን ከታክስ ሥርዓቱ ይመጣል፤ ሲከፈልም መልሱ ወደዚያው ይላካል። ገንዘቡ ተቆርጦ መልሱ መንገድ ላይ ቢቀር፣ ያንን የማዘዣ ቁጥር ይዞ ባንኩን «ማረጋገጫው ወደ ገቢዎች ተልኳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለጽሕፈት ቤቱ የቀረበው የታክስ ማስታወቂያ ከተስተካከለ በኋላ በተሰረዘው የቀድሞ ማዘዣ የከፈለ ሰውም እዚሁ ውስጥ ይወድቃል።

አስቸጋሪው ያለ ማዘዣ ቁጥር፣ በተራ ገቢ ማድረጊያ ስሊፕ የተከፈለው ነው። ለምሳሌ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ እንውሰድ። የሰኔ 2017 ተጨማሪ እሴት ታክሱ 48,350 ብር ከ75 ሳንቲም ነው፤ እስከ ሐምሌ 30 መክፈል አለበት። በመጨረሻው ቀን ሱቅ የሚሠራውን ልጅ ጥሬ ገንዘብ አስይዞ ወደ ባንክ ይልካል። ልጁ በጽሕፈት ቤቱ ሒሳብ ቁጥር ገቢ ያደርጋል፤ «አስገቢ» በሚለው ቦታ ላይ የራሱን ስም ይጽፋል። ስሊፑን አምጥቶ ለአለቃው ይሰጣል፤ አለቃው ፋይል ውስጥ ይከተዋል። ለሁለቱም ጉዳዩ አልቋል።

አላለቀም። ስሊፑ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ተመልሶ የመንግሥት የገቢ ደረሰኝ፣ ማለትም ብዙ ሰው «ሞዴል 64» ብሎ የሚያውቀው፣ ሊቆረጥበት ይገባ ነበር። ገንዘቡ ከግብር ከፋዩ መለያ ቁጥር ጋር የሚገናኘው በዚያች ደረሰኝ ነው። ይህ ስላልሆነ በጽሕፈት ቤቱ የባንክ ሒሳብ መግለጫ ላይ ያለው 48,350.75 ብርና የአንድ የማይታወቅ ወጣት ስም ብቻ ነው። ወጣቱ ግብር ከፋይ አይደለም፤ በስሙ ቢፈለግ አይገኝም። በነጋዴው ስም ቢፈለግ ደግሞ ስሙ ስሊፑ ላይ የለም። ነጋዴው ጥፋቱን የሚያውቀው ከወራት በኋላ፣ ንግድ ፈቃድ ለማደስ ክሊራንስ ሲጠይቅ ነው።

ፍለጋው ከባንኩ ይጀምራል። ስሊፑ ላይ የግብይት ቁጥር አለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ጨምሮ ተመሳሳይ የኮምፒውተር ሥርዓት በሚጠቀሙ ባንኮች፣ በመስኮት የገባ ጥሬ ገንዘብ ቁጥሩ በ`TT`፣ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የተዛወረ ደግሞ በ`FT` ይጀምራል። ቀጥለው የሚመጡት አምስት አሃዞች ቀኑን ይናገራሉ። በእኛ ምሳሌ ቁጥሩ በ`TT25218` ቢጀምር፣ 25 ማለት 2025፣ 218 ማለት ደግሞ የዚያ ዓመት 218ኛ ቀን ነው። ይህም ኦገስት 6 ቀን 2025፣ በእኛ ሐምሌ 30 ቀን 2017 ነው። ቁጥሩ በ`TT25219` ቢጀምር ግን ባንኩ የመዘገበው በማግስቱ፣ ነሐሴ 1 ነው፤ ያኔ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ምክንያቱም በሥርዓቱ ዓይን ክፍያው ዘግይቷል። ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚከፍሉ ሰዎች ይህችን ልዩነት ሳያዩ ነው የሚጣሉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። የባንኩ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የታክሱ ወር በእኛ አቆጣጠር ነው። ኦገስት ሲባል «ነሐሴ» ብሎ መተርጎም ልማድ ስለሆነ፣ ኦገስት 6 የሚል ስሊፕ ይዞ የሄደ ሰው ነሐሴ 6 ላይ ይፈለግለታል። ሠራተኛው የዚያን ቀን የባንክ መግለጫ ይገልጣል፤ ምንም የለም። በማመልከቻ ላይ ሁለቱንም ቀን መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ከዚያ ባንኩ ማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲጽፍ ይጠየቃል። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ሳይሆን በቀጥታ ለጽሕፈት ቤቱ ቢጻፍ ይሻላል፤ ገንዘቡ ገቢ የሆነበትን ሒሳብ ቁጥር፣ የግብይት ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ መጠኑን፣ እንዲሁም ግብይቱ በኋላ አለመሰረዙን ይግለጽ። የመጨረሻዋ ነጥብ ቀላል አይደለችም፤ ስሊፕ የታተመበት ግብይት በዚያው ቀን በስህተት ምክንያት ተሰርዞ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ነጋዴው እጅ ይቀራል። ሠራተኞቹ ስሊፕ በዓይን አይተው አለመቀበላቸውም ምክንያት አለው፤ ሐሰተኛ ስሊፕ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። በዚህ ብቻ አልወቅሳቸውም። ስሊፑ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ከሆነ ቀለሙ እየደበዘዘ ስለሚሄድ በከፈሉበት ቀን ፎቶ ኮፒ ማድረግ ይገባል።

ሒሳብ ቁጥሩን ደግሞ በአሃዝ በአሃዝ ማመሳከር ነው። ስማቸው የሚቀራረብ ጽሕፈት ቤቶች የየራሳቸው ሒሳብ አላቸው። የነጋዴው ፋይል ከአንድ ቅርንጫፍ ወደ ሌላ ከተዛወረና ገንዘቡ ወደ አሮጌው ከገባ፣ አዲሱ ቅርንጫፍ ዓመት ቢፈልግ አያገኘውም፤ የቀድሞው ቅርንጫፍ ነው መጻፍ ያለበት። ወደ ሌላ ሰው የግል ሒሳብ ከገባ ግን የገቢዎች ሠራተኛ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ ጉዳዩ ከባንኩ ጋር ይሆናል።

ገንዘቡ ትክክለኛው ሒሳብ ውስጥ እንዳለ ከታወቀ በኋላ ነው ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚኬደው። እዚያ «የሰኔን ቫት ፈልጉልኝ» ማለት ስህተት ነው። የሚጠየቀው የሁሉም የታክስ ዓይነቶች፣ የሁሉም ወራት የሒሳብ መግለጫ ነው። ክፍያው በስህተት በግንቦት ወይም በሌላ የታክስ ዓይነት ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። ያልተከፈለ የቆየ ዕዳ ካለ ደግሞ ክፍያው ቀድሞ ወደዚያ ተወስዶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የጠፋ ገንዘብ የለም፤ ክርክሩ የቆየው ዕዳ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚል ይሆናል። በየትም ካልታየ የገቢ ሒሳብ ሠራተኞቹ የሐምሌ 30ን የባንክ መግለጫ ገልጠው በስም ሳይሆን በመጠን እንዲፈልጉ መጠየቅ ነው። 48,350.75 የሚል አሃዝ በአንድ ቀን ሁለቴ መገኘቱ ያጠራጥራል። 50,000 ብሎ አጠጋግቶ የሚከፍል ሰው ይህን ጥቅም ያጣል።

ማመልከቻው አጭር ይሁን፦ አሥር አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር፣ የታክስ ዓይነቱና ወሩ፣ መጠኑ፣ የባንኩ ቅርንጫፍ፣ የግብይት ቁጥሩ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ያስገባው ልጅ የማን ሠራተኛ እንደሆነና ለምን እንደተላከ። መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው። ቃል ብቻ ይዞ የሚመላለስ ሰው ሠራተኛው በተቀየረ ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ዋናው ጥያቄ ግን በየትኛው ቀን ይመዝገብ የሚለው ነው። ገንዘቡ በታኅሣሥ ተገኝቶ በታኅሣሥ ቀን ከተመዘገበ፣ ዕዳው ይዘጋል፤ ቅጣቱ ይቀራል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ዘግይቶ የተከፈለ ታክስ በመጀመሪያ 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ ተጨማሪ 2 በመቶ ቅጣት አለበት፤ ወለዱ ሌላ ነው። በእኛ ምሳሌ ይህ በመነሻው ከ2,400 ብር በላይ፣ ከዚያ በየወሩ 967 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው «ክፍያው ባንክ በገባበት በሐምሌ 30 ቀን ይመዝገብልኝ፣ የተሰላው ቅጣትና ወለድም ይነሣልኝ» ብሎ በግልጽ ይጠይቅ። እርማቱ ከተሠራ በኋላም አዲስ መግለጫ አስወጥቶ ቅጣቱ ዜሮ መሆኑን በዓይን ማየት ነው፤ ዋናው ዕዳ ተዘግቶ ቅጣቱ የሚረሳበት ጊዜ አለና።

ቅጣቱ በጽሑፍ ውሳኔ ከደረሰ ደግሞ ሌላ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። አቤቱታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። «እየፈለግንልህ ነው» የሚል መልካም ቃል ይህን ጊዜ አያስቆመውም፤ ፍለጋው እየቀጠለ አቤቱታውም ይግባ።

ብዙ ነጋዴዎች ይህን ሁሉ ትተው ሁለተኛ ይከፍላሉ። የንግድ ፈቃድ ማደሻው ጊዜ እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ፣ ክሊራንስ ይዞ መገኘት ከፍትሕ ይበልጥባቸዋል። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የመጀመሪያው ገንዘብ ባለቤቱ ሳይታወቅ መንግሥት ሒሳብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተመላሽ መጠየቅም ከእርማቱ የሚረዝም መንገድ ነው።

ታዲያ ይህ ፍለጋ ለምን የነጋዴው ሥራ ሆነ? የባንክ መግለጫው ያለው በጽሕፈት ቤቱ እጅ ነው። ሐምሌ 30 ገብቶ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባለቤት ያላገኘ 48,350.75 ብር እንዳለ ሊያይ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ በዚያው ወር ልክ 48,350.75 ብር ያሳወቀና «ያልከፈለ» ነጋዴ እንዳለም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሁለቱን ዝርዝሮች በመጠን ማስተያየት ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጽሕፈት ቤቶች ባለቤት ያልተገኘላቸውን ገቢዎች በቀንና በመጠን፣ ስም ሳይጠቅሱ፣ በየወሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ፤ በዚያ ዝርዝር ላይ በመጠኑ የሚመሳሰል ገንዘብ እያለም የቅጣት ደብዳቤ አይጻፍ።