ክብር ለአንዲት ነጥብ

የወላጆች ቀን በደረሰ ቁጥር በትምህርት ቤቶቻችን የሚዛን ጥበብ እኮራለሁ። የጎረቤቴ ልጅ በሂሳብ 87 አመጣ፣ የእህቴ ልጅ 86። እሱ መድረክ ላይ ወጥቶ መዝገበ ቃላት ተሸለመ፣ እሷ ቤት እስክትገባ አለቀሰች፣ እህቴም ደግ አደረገች፣ «አንዲት ነጥብ አቃተሽ?» ብላ ጨመረችባት። የወርቅ ቤት ሚዛን እንኳ እንዲህ አጥርቶ አይለይም።

ይህን ደስታ የሚያበላሹት የፈተና ባለሙያዎች ናቸው። ፈተና ሁሉ የመለኪያ ስህተት አለው ይላሉ። መምህሩ ሲያርም ተሳሳተ ማለታቸው አይደለም። ያው ልጅ ያንኑ እውቀት ይዞ፣ ከዚያው ምዕራፍ ለወጣ ሌላ ፈተና ቢቀመጥ ውጤቱ ከፍ ወይ ዝቅ ይላል ነው የሚሉት። ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ውሰዱ፣ አራት ጥያቄዎችን በግምት ያጠቆረ ልጅ በአማካይ አንድ ያገኛል፣ ቀን ከሰጠው ሦስት፣ ከከዳው ምንም። እና ምን ይጠበስ? ግምትም እኮ ችሎታ ነው!

SEM የሚሉትን ይህን የመለኪያ ስህተት በነጥብ የሚያሰሉበት ቀመርም አላቸው፦

SEM = SD × √(1 − r)

SD የክፍሉ ውጤት ምን ያህል እንደተበታተነ ነው፣ 10 ነጥብ እንበል። r የፈተናው አስተማማኝነት ነው፣ 0.91 ይሁን (ለክፍል ፈተና ይቺ ራሷ ልግስና ናት)። ከ1 ላይ ሲቀነስ 0.09፣ ሥሩ 0.3፣ በ10 ሲባዛ 3 ነጥብ። ስለዚህ 87 ሲባል ከ84 እስከ 90 ያለ ቦታ ነው፣ 86 ደግሞ ከ83 እስከ 89፣ እሱም ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለቱን ስናበላልጥ የሁለቱም ስህተት አብሮ ይመጣና የልዩነቱ ስህተት ወደ 4.2 ያድጋል። በችሎታ ፍጹም እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች እንኳ ከአሥር ፈተና በስምንቱ ገደማ ቢያንስ በአንድ ነጥብ ይለያያሉ ማለት ነው። ለእኛ ግን እንዲህ ያለ ፈተና በረከት ነው፣ እኩያሞችን ሳይቀር አንደኛና ሁለተኛ አድርጎ ይሰጠናል!

እነሱን ብንሰማ ኖሮ ስምንት ነጥብ ያህል ካልተራራቁ በልበ ሙሉነት «ይህ ከዚያ ይበልጣል» አይባልም። እንግዲህ አስቡት፣ መድረኩ ላይ አንደኛ ተብሎ ግማሽ ደርዘን ልጅ ሊደረደር ነው። መዝገበ ቃላቱን ማን ሊገዛ?

አንድ ነገር ሲያምኑልኝ ግን ጮቤ ረገጥኩ። የአሥር ትምህርት አማካይ ሲወሰድ ስህተቱ ይቀንሳል፣ 3 የነበረው ወደ 1 ይጠጋል። ይኸው ካርዱን አወጣሁ! የጎረቤቴ ልጅ አማካይ 91.3፣ የእህቴ ልጅ 91.1።

ርዕሰ መምህሩም ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ማንም ከማንም እኩል እንዳይወጣ አማካዩ እስከ ሦስት የአስርዮሽ ቤት እንደሚሰላ አብስረውናል። ካልኩሌተሩን እኔ ነኝ የምገዛው።